ወረፋና ድምፅ፦ ባለቅድሚያ አክሲዮን ከተራው በምን ይለያል?

የጀርመኑ መኪና አምራች ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. 2015ን የዘጋው በኪሳራ ነው። በመስከረም ወር የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኩባንያው በናፍጣ መኪኖቹ ላይ የጭስ ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር እንደጫነ ይፋ አደረገ። ቮልስዋገን ለዚህ ጣጣ ብቻ በዚያው ዓመት ሂሳቡ 16.2 ቢሊዮን ዩሮ ለመያዝ ተገደደ። እንዲህ ያለ ዓመት ያሳለፈ ኩባንያ ለባለአክሲዮኖቹ ምንም ባይከፍል ማንም አይደነቅም ነበር። እሱ ግን ከፈለ። ለአንድ ተራ አክሲዮን 11 ሳንቲም፣ ለአንድ ባለቅድሚያ አክሲዮን ደግሞ 17 ሳንቲም ሰጠ። ከአንድ ዓመት በፊት ተራው 4 ዩሮ ከ80 ሳንቲም፣ ባለቅድሚያው 4 ዩሮ ከ86 ሳንቲም ወስደው ነበር።

ለሁሉም ባለአክሲዮን የተከፈለው ተደምሮ 68 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። ቢሊዮኖች ለሚያንቀሳቅስ ኩባንያ ይህ የኪስ ገንዘብ ነው። ያም ሆኖ የዓመቱ ትርፍ ስላልነበረ፣ ክፍያው የወጣው ባለፉት ዓመታት ተጠራቅሞ ከቆየ መጠባበቂያ ነው። ታዲያ ለማንም ጠብ የማይል ገንዘብ ለማከፋፈል መጠባበቂያ መንካት ለምን አስፈለገ? መልሱን የሚሰጠው ሁለቱ አክሲዮኖች የሚለያዩበት መንገድ ነው። ሳንቲሟን እየተከተልን ብንሄድ ልዩነቱ ራሱ ይገለጣል።

መጀመሪያ ተራው አክሲዮን። ተራ አክሲዮን የያዘ ሰው የኩባንያው ባለቤት ነው፤ በጠቅላላ ጉባዔ ድምፅ ይሰጣል፣ የዳይሬክተሮች ቦርድ አባላትን ይመርጣል፣ ይሽራል። ኩባንያው ሲያተርፍና ጉባዔው ይከፋፈል ሲል የትርፍ ድርሻውን ይወስዳል። የሚወስደው ግን ከሁሉም በኋላ የተረፈውን ነው። አበዳሪው ወለዱን፣ ሠራተኛው ደመወዙን፣ መንግሥት ግብሩን ከወሰዱ በኋላ የቀረው ብዙ ከሆነ ብዙ ያገኛል፤ ባዶ ከሆነ ባዶውን ይመለሳል። ለድርሻው ወለል የለውም፤ ጣሪያም የለውም።

ባለቅድሚያ አክሲዮን የያዘውም ባለአክሲዮን እንጂ አበዳሪ አይደለም። ልዩነቱ በባለአክሲዮኖቹ ወረፋ ውስጥ አንድ እርምጃ ወደፊት መቆሙ ነው። የትርፍ ድርሻ ሲከፋፈል ተራው አንዲት ሳንቲም ከመቀበሉ በፊት የእሱ የተወሰነ ድርሻ ይከፈላል። ኩባንያው ሲፈርስም ብዙውን ጊዜ ያዋጣው ገንዘብ ከተራው በፊት ይመለስለታል። በምላሹም ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ይተዋል፤ ድምፁን ያጣል፣ ወይም ትርፉ ምንም ያህል ቢያድግ ድርሻው ከተወሰነው መጠን አያልፍም።

“ብዙውን ጊዜ” የሚለውን ሐረግ ሁለት ጊዜ የተጠቀምኩት ሆን ብዬ ነው። ባለቅድሚያ አክሲዮን በሁሉም አገርና በሁሉም ኩባንያ አንድ ዓይነት አይደለም። ቅድሚያው በምን ላይ እንደሆነ፣ እስከ ምን ያህል እንደሚደርስና ምን እንዳስከፈለ የሚወስነው የኩባንያው መመሥረቻ ጽሑፍና መተዳደሪያ ደንብ ነው። የአንዱን ኩባንያ ባለቅድሚያ አክሲዮን የሚያውቅ ሰው የሌላውን አወቅሁ ቢል ይሳሳታል።

ወደ ቮልስዋገን ሳንቲሞች እንመለስ። በኩባንያው ደንብ መሠረት ባለቅድሚያው በየዓመቱ በአንድ አክሲዮን 11 ሳንቲም ከተራው በፊት ይከፈለዋል። በዚያ ላይ ድርሻው ሁልጊዜ ከተራው በ6 ሳንቲም መብለጥ አለበት። 11 እና 17 የመጡት ከዚህ ነው። 4 ዩሮ ከ80 እና 4 ዩሮ ከ86ም የሚለያዩት በእነዚያው 6 ሳንቲሞች ነው። ጥሩ ዓመት ሲሆን 6 ሳንቲም ከምንም አይቆጠርም። የመኪናው ገበያ ሲደራ ሁለቱም እኩል ይጠግባሉ ማለት ይቻላል። ቅድሚያው ጥርስ የሚያወጣው ክፉ ዘመን ሲመጣ ነው።

ጥርሱ ደግሞ የሚገኘው በጀርመን የአክሲዮን ኩባንያዎች ሕግ ውስጥ ነው። ሕጉ ኩባንያዎች ድምፅ የሌለው ባለቅድሚያ አክሲዮን እንዲያወጡ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ አክሲዮን ከካፒታሉ ግማሽ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ቀጥሎም አንድ ወሳኝ ነገር ይደነግጋል። ቅድሚያ የሚገባው ድርሻ በአንድ ዓመት ሳይከፈል ቀርቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ውዝፉና የዚያ ዓመት ድርሻ አብረው ሙሉ በሙሉ ካልተከፈሉ፣ ተኝቶ የነበረው ድምፅ ይነሣል። ውዝፉ እስኪጠናቀቅ ድረስ ባለቅድሚያዎቹ ጉባዔ ገብተው እንደማንኛውም ባለአክሲዮን ድምፅ ይሰጣሉ።

ይህ ለቮልስዋገን ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ኩባንያው በማን እጅ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። የፖርሼና የፒዬሽ ቤተሰቦች የሚቆጣጠሩት ፖርሼ ኤስኢ የተባለው ኩባንያ ከድምፁ ከግማሽ በላይ ይዟል። የታችኛው ሳክሶኒ ክፍለ ግዛት መንግሥት 20 በመቶ፣ ኳታር ደግሞ 17 በመቶ አላቸው። ድምፅ ያላቸው አክሲዮኖች ወደ 295 ሚሊዮን ናቸው። ድምፅ የሌላቸው ባለቅድሚያዎች ደግሞ 206 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ በዓለም ዙሪያ በብዙ ባለሀብቶችና በጡረታ ፈንዶች እጅ ተበታትነዋል። እነዚህ 206 ሚሊዮን ድምፆች ቢነሡ፣ ከግማሽ በላይ የነበረው የቤተሰቡ የበላይነት ከአንድ ሦስተኛ ብዙም ወዳልራቀ መጠን ይወርዳል። ያውም በቅሌቱ ምክንያት የኩባንያው አስተዳደር በሚወቀስበት ሰዓት።

አንድ ዓመት ቢዘለል ድምፁ ወዲያው አይነሣም ነበር፤ የሕጉ ሰዓት ግን መቁጠር ይጀምራል። በቀጣዩ ዓመትም ቅጣቱና ካሣው ምን ያህል እንደሚሆን በዚያ ጊዜ እርግጠኛ የሆነ ሰው አልነበረም። እኔ ነገሩን የማነበው እንዲህ ነው፦ ኩባንያው 68 ሚሊዮን ዩሮ ከፍሎ የገዛው የባለቅድሚያዎቹን ዝምታ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ባለቅድሚያው በበኩሉ በዚያ ዓመት ያገኛት 17 ሳንቲም ሀብታም አላደረገችውም። ሆኖም ቅድሚያው ባይኖር ኖሮ ያችንም የሚሰጠው አልነበረም።

በዚህ አጋጣሚ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ። ሳይከፈል የቀረ ድርሻ ለሚቀጥለው ዓመት የሚተላለፍ ከሆነ “የሚጠራቀም” ይባላል፤ የቮልስዋገኑ እንዲህ ዓይነት ነው። የማይጠራቀመው ግን ዓመቱ ሲያልፍ አብሮ ይቀራል፤ በኋላ ኩባንያው ቢያተርፍ እንኳ ያለፈውን የሚጠይቅ የለም። ባንኮች የሚያወጡት ባለቅድሚያ አክሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህኛው ወገን ነው። የባንክ ተቆጣጣሪዎች አክሲዮኑን እንደ ጠንካራ ካፒታል የሚቆጥሩት ባንኩ ሲቸግረው ያለ ዕዳ ክፍያውን ማቆም ከቻለ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የባንክ ባለቅድሚያ አክሲዮን በየዓመቱ ይህን ያህል በመቶ ይከፍላል የሚል ሻጭ ሲገጥምህ፣ ካልከፈለስ ምን ይሆናል ብለህ መጠየቅ ይገባሃል።

የሚጠራቀመውም ቢሆን ከብድር ወለድ ጋር አንድ አይደለም። አበዳሪ ወለዱ ሲቀርበት ፍርድ ቤት ሄዶ ኩባንያውን ይከስሳል፤ እስከ ኪሳራ አዋጅ ሊያደርሰውም ይችላል። ባለቅድሚያው ግን ኩባንያው የትርፍ ድርሻ ይከፈል ብሎ እስካልወሰነ ድረስ የሚጠይቀው ዕዳ የለውም። መብቱ “ለእኔ ሳትሰጥ ለእነዚያ አትስጥ” የሚል ነው እንጂ “አምጣ” የሚል አይደለም። ለሁለቱም አልሰጥም ያለ ቦርድ፣ ውዝፉ እየተቆለለ ይሄዳል እንጂ፣ የባለቅድሚያውን መብት ጣሰ አይባልም።

ድምፅ ምን ያህል ያወጣል? በወረቀት ላይ ሲታይ ጥቅሙ ብዙም ላይገባ ይችላል። አንድ መቶ አክሲዮን የያዘ ሰው ድምፅ ኖረው አልኖረው ጉባዔውን አይለውጥም። የቮልስዋገን ሁለት አክሲዮኖች ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 የድምፅን ዋጋ ለዓለም አሳዩ። ፖርሼ 42.6 በመቶ ተራ አክሲዮን እንደያዘ፣ በሌላ ውል ደግሞ 31.5 በመቶ የሚሆን እንዳስተሳሰረ አንድ እሑድ ቀን ይፋ አደረገ። የታችኛው ሳክሶኒ 20 በመቶ ሲጨመርበት በገበያ ላይ የቀረው ተራ አክሲዮን 6 በመቶ ያህል ብቻ ሆነ። ዋጋው ይወድቃል ብለው አክሲዮን ተበድረው የሸጡ ነጋዴዎች ደግሞ መልሰው ለመግዛት ከዚያ በላይ ያስፈልጋቸው ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመግዛት ሲሯሯጥ ተራው አክሲዮን በሁለት ቀን ውስጥ ከ1000 ዩሮ በላይ ወጣ፤ ቮልስዋገንም ለአጭር ጊዜ በገበያ ዋጋ የዓለም ትልቁ ኩባንያ ተባለ። የዚያው ኩባንያ ባለቅድሚያ አክሲዮን፣ ከዚያው ፋብሪካ ከዚያው ትርፍ እንዲያውም 6 ሳንቲም አብልጦ የሚወስደው፣ ወደዚያ ዋጋ ዝር አላለም። ፖርሼ ኩባንያውን ለመቆጣጠር ባለቅድሚያው ምን ያደርግለታል?

በእርግጥ ያ ልዩ ቀን ነበር፤ ዋጋውም ብዙም ሳይቆይ ወርዷል። ድምፅ ውድ የሚሆነው ኩባንያውን ለመያዝ የሚሽቀዳደም ሲኖር ነው። ሽቅድድም በሌለበት ጊዜ፣ በቀላሉ የሚሸጥና የሚገዛ እስከሆነ ድረስ፣ ድምፅ የሌለው አክሲዮን ከተራው በልጦ ሊሸጥም ይችላል። ድምፅ አልባ ማለት ሙሉ በሙሉ አፍ የለሽ ማለትም አይደለም። በጀርመን ሕግ የባለቅድሚያዎቹን ቅድሚያ የሚያስቀር ወይም የሚቀንስ ውሳኔ ከመጣ፣ እነሱ ለብቻቸው ተሰብስበው በሦስት አራተኛ ድምፅ ካልፈቀዱ አይጸናም። በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ጥበቃ የተለመደ ነው፤ ስለ ኩባንያው ላይጠየቁ ይችላሉ፣ ስለ ራሳቸው መብት ግን ይጠየቃሉ።

ሦስተኛው ልዩነት የሚታየው ኩባንያው ሲዘጋ ነው። አጣሪ ይሾማል፤ ንብረቱ ይሸጣል፤ ገንዘቡም በቅደም ተከተል ይከፈላል። ቅደም ተከተሉ በዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ አጥንቱ ግን አንድ ነው። የማጣራቱ ወጪ፣ መያዣ ያላቸው አበዳሪዎች፣ የሠራተኞች ደመወዝና ግብር፣ ያለ መያዣ ያበደሩ ሁሉ ከፊት ይቆማሉ። የእነዚህ ሁሉ ዕዳ ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ በኋላ የባለቅድሚያው ተራ ይደርሳል፤ በመጨረሻም የተራው።

በዚህ ምክንያት በእውነተኛ ኪሳራ ጊዜ የባለቅድሚያው ቅድሚያ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰጠውም። ሊማን ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወድቅ አበዳሪዎቹ እንኳ ገንዘባቸውን በሙሉ አላገኙም፤ ባለቅድሚያውም ተራውም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የፊተኛውን ያላጠገበ ማዕድ ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም አይደርስም። የማጣራት ቅድሚያ ጥቅም የሚሰጠው በመሐል ባለው ሁኔታ ነው፤ ዕዳው ተከፍሎ የሚተርፍ ሲኖር፣ የተረፈው ግን ለሁሉም በማይበቃበት ጊዜ።

ይህን መሐለኛ ሁኔታ ከማንኛውም የትምህርት መጽሐፍ በተሻለ የሚያሳየው ትራዶስ የተባለው ኩባንያ ታሪክ ነው። ትራዶስ እ.ኤ.አ. በ1984 በጀርመን የተቋቋመ፣ ለተርጓሚዎች የሚያገለግል ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ነው። በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዴላዌር ግዛት ሕግ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ለአዳዲስ ኩባንያዎች ካፒታል የሚያቀርቡ ባለሀብቶች ገንዘብ አስገቡ፤ በምላሹም ባለቅድሚያ አክሲዮን ወሰዱ። መሥራቾቹና ሠራተኞቹ የያዙት ተራውን ነበር።

እዚህ ላይ ከቮልስዋገን የተለየ ነገር ይታያል። የትራዶስ ባለቅድሚያዎች ድምፅ አልባ አልነበሩም፤ ድምፅም የቦርድ ወንበርም ነበራቸው። ከዚህም በላይ በከፊሉ አክሲዮናቸው ላይ በየዓመቱ 8 በመቶ የትርፍ ድርሻ ይጠራቀምላቸው ነበር። ይህ ድርሻ በጥሬ ገንዘብ ስላልተከፈለ፣ ኩባንያው ሲሸጥ ወይም ሲፈርስ ከፊት በሚወስዱት ገንዘብ ላይ ይደመራል። በዓመት 8 በመቶ የሚያድግ ቁልል በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ከኋላ የቆመው ተራው ባለአክሲዮን ምንም እንዲያገኝ፣ ኩባንያው ዋጋውን ከዚያ ቁልል በፈጠነ ግስጋሴ ማሳደግ አለበት። ትራዶስ ግን እንደዚያ አልገሰገሰም።

እ.ኤ.አ. በ2004 ቦርዱ ኩባንያውን ለመሸጥ አሰበ። ሥራ አስኪያጆቹ ግን ሽያጩ ለእነሱ ምን እንደሚያስገኝላቸው ያውቃሉ፤ ከፊታቸው ያለው ቁልል የሽያጩን ገንዘብ ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ ኩባንያው ከተሸጠ ከሽያጩ ገንዘብ የተወሰነ መቶኛ ከሁሉም በፊት ለአስተዳደሩ የሚሰጥ የማበረታቻ ዕቅድ ጸደቀ። በ2005 ኤስዲኤል የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ትራዶስን በ60 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በስምምነቱ መሠረት ከሽያጩ 13 በመቶ፣ ማለትም 7.8 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሥራ አስኪያጆቹ ሄደ። የቀረው 52.2 ሚሊዮን ነበር። የባለቅድሚያዎቹ የማጣራት ቅድሚያ ከነተጠራቀመው ድርሻ 57.9 ሚሊዮን ደርሶ ስለነበር፣ የቀረውን በሙሉ ወሰዱ፤ ያም ሆኖ 5.7 ሚሊዮን ጎደላቸው። ተራ አክሲዮን የያዙት ያገኙት ዜሮ ነው።

አሁን የማበረታቻው ዕቅድ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር እንቁጠር። ከ60 ሚሊዮን ላይ 57.9 ሚሊዮን ለባለቅድሚያዎቹ ሲከፈል 2.1 ሚሊዮን ይተርፋል፤ ያም ለተራዎቹ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ለሥራ አስኪያጆቹ ከተሰጠው 7.8 ሚሊዮን ውስጥ 2.1 ሚሊዮኑ ከተራዎቹ ኪስ፣ 5.7 ሚሊዮኑ ከባለቅድሚያዎቹ ኪስ የወጣ ነው። ልዩነቱ ባለቅድሚያዎቹ የተዉት ከሚደርሳቸው አንድ አሥረኛ ያህሉን ሲሆን፣ ተራዎቹ የተዉት ሁሉንም መሆኑ ነው። ያውም ሳይጠየቁ።

ከተራ አክሲዮኑ 5 በመቶ ያህል የነበረው አንድ ሰው ከሰሰ። ክርክሩ የባለቅድሚያ አክሲዮንን ባሕርይ በደንብ ያጋልጣል። ቁልሉ በዓመት 8 በመቶ የሚያድግለት ሰው ኩባንያው ዛሬ ተሸጦ ገንዘቡን ቢይዝ ይመርጣል፤ ቢጠበቅና ዋጋው ቢያድግ ከጥቅሙ ብዙው የሚሄደው ለተራው ነው፣ ቢወድቅ ግን ጉዳቱ ለእሱ ነው። ተራው ተቃራኒውን ይመኛል። ዛሬ ቢሸጥ የሚደርሰው ዜሮ ስለሆነ፣ መጠበቅ የሚያሳጣው ነገር የለም። ቦርዱ ደግሞ በአብዛኛው የያዘው ባለቅድሚያዎቹን የሚወክሉና ከሽያጩ የሚጠቀሙ ሰዎችን ነበር።

የዴላዌር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 ውሳኔ ሰጠ። ቦርዱ ሽያጩን ሲወስን ስለ ተራዎቹ ጥቅም እንዳላሰበና አካሄዱ ፍትሐዊ እንዳልነበር ገለጸ። ቀጥሎ ግን አክሲዮኑ ከሽያጩ በፊት ምን ያወጣ ነበር የሚለውን መረመረ። ኩባንያው ባይሸጥም ኖሮ ቁልሉን አልፎ ለተራዎቹ የሚተርፍ ዋጋ የመፍጠር ተስፋ አልነበረውም፤ ስለዚህ ተራው አክሲዮን ዜሮ ዋጋ ነበረው፣ ዜሮም ተከፈለው፤ ዋጋው ፍትሐዊ ነው ተባለ። ከሳሹ በሐሳብ አሸንፎ በገንዘብ ተረታ። እኔ ይህን ፍርድ ሳስብ የሚያስገርመኝ ውጤቱ አይደለም። የትራዶስ ሠራተኞች አክሲዮናቸው ከፊቱ ምን ያህል ቁልል እንዳለ ሳያውቁ ስንት ዓመት ይዘውት እንደኖሩ ነው የሚያስገርመኝ።

ተመሳሳይ ስሌት በገዛ አገራችን ገንዘብ እናድርገው፤ ምሳሌው ከእኔ ነው። አንድ ባለሀብት ለአንድ ኩባንያ 10 ሚሊዮን ብር አዋጥቶ 20 በመቶ ድርሻ በባለቅድሚያ አክሲዮን ወሰደ እንበል። ውሉ የሚለው ኩባንያው ሲሸጥ ወይ 10 ሚሊዮኑን ቀድሞ ይወስዳል፣ ወይ አክሲዮኑን ወደ ተራ ለውጦ 20 በመቶውን ይወስዳል ነው። ኩባንያው በ30 ሚሊዮን ቢሸጥ 20 በመቶው 6 ሚሊዮን ስለሆነ 10 ሚሊዮኑን ይመርጣል፤ ለተራዎቹ 20 ሚሊዮን ይቀራል። በ100 ሚሊዮን ቢሸጥ ግን ወደ ተራ ለውጦ 20 ሚሊዮን ይወስዳል። መለያው 50 ሚሊዮን ነው፤ እዚያ ላይ ሁለቱም ምርጫ አንድ ይሰጡታል። ይህ ሚዛናዊ የሚባለው ውል ነው። ሌላ ዓይነት ውል ደግሞ አለ፤ 10 ሚሊዮኑን ቀድሞ ከወሰደ በኋላ፣ ተመልሶ ከተራዎቹ ጋር ተሰልፎ ከቀረው ላይ 20 በመቶውን ይካፈላል። በ30 ሚሊዮኑ ሽያጭ 10 ወስዶ ከቀረው 20 ሚሊዮን ላይ 4 ይጨምራል፤ ድምሩ 14 ሚሊዮን ይሆናል። 20 በመቶ ባለቤት የተባለው ሰው ግማሽ ያህሉን ይዞ ሄደ ማለት ነው። በውሉ ላይ የሁለቱ ልዩነት የአንድ ዓረፍተ ነገር ጉዳይ ነው።

ባለቅድሚያውም ቢሆን ከፊቱ ሌላ ሊቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 የአሜሪካ መንግሥት ፋኒ ሜይንና ፍሬዲ ማክን፣ የቤት ብድርን የሚደግፉትን ሁለት ግዙፍ ድርጅቶች፣ በሞግዚትነት ሲይዝ፣ ለሚሰጠው ድጋፍ ከነበሩት ባለቅድሚያዎች ሁሉ የሚቀድም አዲስ ባለቅድሚያ አክሲዮን ወሰደ። የድሮዎቹ ባለቅድሚያዎች የትርፍ ድርሻ ቆመ፤ የአክሲዮናቸውም ዋጋ ተንኮታኮተ። አክሲዮኑን አስተማማኝ ነው ብለው የያዙ ትንንሽ ባንኮች ሳይቀሩ ተጎድተዋል። የቅድሚያ ተራህን የምታጣው ወደኋላ በመገፋት ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው ከፊትህ ሲገባም ነው። ጥሩ ውል ያለ ባለቅድሚያዎቹ ፈቃድ ከእነሱ የሚቀድም አዲስ አክሲዮን እንዳይወጣ ይከለክላል።

በኢትዮጵያ አብዛኛው ባለአክሲዮን በእጁ የያዘው ተራ አክሲዮን ነው፤ ባለቅድሚያው ግን ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በትርፍ ላይ፣ በንብረት ላይ ወይም በሁለቱም ላይ ቅድሚያ የሚሰጡ አክሲዮኖች እንዲወጡ ፈቅዶ ነበር። ቅድሚያ የከለከለው በድምፅ ላይ ነው፤ ለገንዘብ ፊተኛ መሆን ይቻላል፣ ከሌላው የበለጠ ድምፅ የሚሰጥ አክሲዮን መፍጠር ግን አይቻልም። ኩባንያዎችን የሚመለከተውን የዚያን ሕግ ክፍል በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ተክቶታል። በዚያው ዓመት የካፒታል ገበያ አዋጅ ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በ2017 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ኩባንያዎች ገንዘብ የሚያሰባስቡባቸው መንገዶች ሲበዙ ከተራው ሌላ ዓይነት አክሲዮን ይዞ የሚመጣ መኖሩ አይቀርም።

ያኔ መመሥረቻ ጽሑፉን የያዘ ሰው ማየት ያለበት ገጽ ብዙ አይደለም። የትርፍ ድርሻው ቁጥር ስንት ነው፣ ሳይከፈል ከቀረ ይጠራቀማል ወይስ ይጠፋል? ድምፁ ተኝቶ ከሆነ በምን ሁኔታና ከስንት ዓመት በኋላ ይነሣል? ኩባንያው ሲሸጥ እንደ መፍረስ ይቆጠራል ወይ? የትራዶስ ተራ ባለአክሲዮኖች የተጎዱት ኩባንያው ፈርሶባቸው አይደለም፤ ሽያጭም የማጣራት ቅድሚያውን ስለሚያስነሣ ነው። ተራ አክሲዮን የሚገዛው ደግሞ ስለ ራሱ አክሲዮን ከማንበቡ በፊት የባለቅድሚያዎቹን አንቀጽ ማንበብ አለበት። ከፊቱ የቆመው ቁልል ዛሬ ስንት እንደሆነና በዓመት በስንት እንደሚያድግ የሚያገኘው እዚያ ነው።